ለጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ፣ ክፍል 4፦ የደንበኛ ፎቶና ምስክርነት (አስተያየት ስጡበት)

ሰላም (ጸሐፊ)
እንዴት ናችሁ የሀዋሳ ሳሎኖች። ለማህበራችን ጉባኤ ከምናቀርበው የደንብ ረቂቅ ክፍል 4 ቀርቶናል። አሁን ያለው ጽሑፍ ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «አባል ሳሎን የደንበኛን ፎቶ ያለፈቃድ አይለጥፍም። ምስክርነት እውነት ይሁን።» እንዲህ ብለን ካቀረብነው ሁሉም እጁን አውጥቶ ያጸድቀዋል፤ በማግስቱ ግን ሁሉም እንደ ልማዱ ይቀጥላል።

ይህን ክፍል ያስገባነው በደረሰን ቅሬታ ነው። አንዲት ደንበኛ ፎቶዋን በአንድ ሳሎን የቴሌግራም ቻናል ላይ አየችው። ከስሩ «በአንድ ወር ጸጉሬን መለሱልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው» ይላል። ፎቶ ሲያነሷት ፈቅዳለች። ያንን ቃል ግን አልተናገረችም። አንድ ወርም አልነበረም። የሳሎኑን ስም እዚህ አንጥራ፣ ጉዳዩን ብቻ እንይ። ምን ብለን እንጻፍ?

ጋሽ ታደሰ (ፀጉር አስተካካይ፣ መናኸሪያ አካባቢ)
በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ የቆረጥኩትን ፎቶ አንዱ ወስዶ የራሱ ሥራ አስመስሎ ለጥፎታል። ረቂቁ ላይ «የሌላ ሳሎን ፎቶ የሰረቀ ይቀጣል» የሚል ይግባልኝ። ቅጣቱም ጠንከር ይበል።

ሰላም
ጋሽ ታደሰ፣ እሱ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው፣ ክፍል 6 ላይ ይገባል። እዚህ የምናወራው ስለ ደንበኛው ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ጸጉሩን የቆረጡት ልጅ ጭንቅላቱ የሌላ ሳሎን ማስታወቂያ ላይ እንደወጣ ነገሩት?

ጋሽ ታደሰ
እሱንስ አላሰብኩትም።

ብሩክ (አቶቴ)
ነገሩን ባናካብደው። ደንበኛዋ ስልኩ ሲነሳ አይታ ፈገግ ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። ካልፈለገች ፊቷን ብለር አድርጎ መልቀቅ ነው፣ አለቀ። እኔ ከጀርባ ብቻ ነው የምቀርጸው። እስካሁን ማንም አልተናገረኝም።

እትዬ ዘነበች (ፒያሳ)
ብሩክ ልጄ፣ ማንም አለመናገሩ እኮ ነው የሚያሳስበው። የእኛን ሰው ታውቀዋለህ፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። ሰዓታት ሙሉ ወንበርህ ላይ ተቀምጣ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ስታበቃ መስታወት ፊት ቆማ አምሮባታል። ስልክህን ይዘህ «ልልቀቀው አይደል?» ስትላት ምን እንድትል ትጠብቃለህ? «እሺ» ትላለች። ቤቷ ገብታ ታስብበታለች። ባሏ ምን ይላል፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይላል፣ ጸጉሬ ሳስቶ እንደነበር ሰው ሊያውቅ ነው። ያኔ ደውላ «አውርደው» ማለት ያሳፍራታል። ዝም ብላ ሌላ ሳሎን ትሄዳለች። አንተ ደግሞ ምን ሆና ቀረች ትላለህ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከሥራው በፊት የምጠይቃት ለማንሳት ብቻ ነው። «ለራሴ መዝገብ አነሳዋለሁ፣ ማንም አያየውም» እላታለሁ። አብዛኛዋ ደንበኛ ችግር የለባትም። ለመለጠፍ የምጠይቃት በማግስቱ ነው፣ በጽሑፍ። ሁለቱን ፎቶ ከነጽሑፉ፣ ልክ ሊወጣ በታሰበበት መልኩ እልክላታለሁ። «ይህን ቴሌግራም ላይ ብናወጣው ፈቃድሽ ነው? ካልፈለግሽ ምንም ቅር አይለኝም፣ መልስ ካልሰጠሽም አላወጣውም» ብዬ እጽፋለሁ። ዝም ካለች እምቢ ነው፣ ሁለተኛ አልጠይቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲህ ከጀመርኩ ወዲህ እሺ የሚለኝ ቀንሷል። የቀረው እሺ ግን የምር ነው።

ዳንጊሶ (የማህበሩ ገንዘብ ያዥ)
ሕጉም ወደ እትዬ ያደላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰውን ፎቶ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም። ለመነሳት መስማማትና ለአደባባይ መስማማት ለየብቻ ናቸው። ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉት፣ ለምሳሌ የሕዝብ በዓል ላይ የተነሳ ፎቶ። የሳሎን ወንበር ግን በዓል አይደለም።

የብለሩ ነገር ግማሹ ልክ ነው፣ ይረዳል። ግን ሰው በፊቱ ብቻ አይታወቅም። የአንገት ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ቀለበት፣ የሥራ ዩኒፎርም ሁሉ ያሳብቃል። ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ ድምፅ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከጀርባ ብትቀረጽ የመስመሯ ልጆች በሙሉ ያውቋታል። ስለዚህ ፊቷ ባይታይም ፈቃድ ይጠየቅ።

በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ ደግሞ የፈቀደ ሰው ፈቃዱን ማንሳት እንደሚችል ይላል። የጤና መረጃን በተለይ ጠንከር አድርጎ ይጠብቃል። ጸጉር መርገፍ፣ የቆዳ ሕመም፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ስንጽፍ እዚያ ድንበር ላይ እንዳለን እንወቅ።

ሄለን (የጸጉርና የቆዳ እንክብካቤ፣ ታቦር)
ስለ ፈቃዱ በቂ ተብሏል። እኔን ያሳሰበኝ ምስክርነቱ ራሱ ነው። ደንበኛዋ ከልቧ ፈቅዳ፣ ቃሉም የራሷ ሆኖ፣ ግን ነገሩ ውሸት ሊሆን ይችላል። አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

አንዲት እናት ከወለደች በአራተኛው ወር መጣች። የግንባሯ ዳር ጸጉር እየረገፈ፣ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። ቅባት ጀመርን፣ ጠበቅ ያለውን ሹሩባ አስተውኳት። ልጁ ዓመት ሲሞላው ጸጉሯ ሞልቶ መጣ። እሷም «ሄለን ባትኖር መላጣ ነበርኩ» አለች። ከልቧ ነው የምትለው። ፎቶዎቹም እውነተኛ ናቸው። ግን ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ጸጉር አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ወር ገደማ ይጀምርና ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይመለሳል። በእርግዝና ወቅት ሳይረግፍ የቆየው ጸጉር ነው አንድ ላይ የሚወርደው። እኔ ቅባት ባልቀባትም ይመለስ ነበር ማለት ነው። ሹሩባውን ማላላቷ ጠቅሟት ሊሆን ይችላል፣ የቅባቱን ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ያንን ፎቶ «በእኛ ቅባት» ብዬ ብለቅ፣ ነገ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ያለባት ሴት አይታው ሐኪም ቤት መሄዷን ትታ ወደ እኔ ትመጣለች።

የለቀቅኩት ከነፈቃዷ እንዲህ ብዬ ነው፦ «ከወለደች አራተኛ ወሯና አሥራ ሁለተኛ ወሯ ላይ። ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ጸጉር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። እኛ ሹሩባውን አላላን፣ ጸጉሯን ተንከባከብን።»

ብሩክ
ይቅርታ ሄለንዬ፣ ግን ይህን ማን ያነባል? ሰው ቲክቶክ ላይ ሁለት ሰከንድ አይቶ ያልፋል። «በራሱ ይመለሳል» ብለሽ ከጻፍሽ ለምን ሳሎን ይመጣል?

ሄለን
ከዚያ ልጥፍ በኋላ አራሶች ይመጡልኛል። የሚመጡት ግን ደህና አያያዝ ፈልገው ነው፣ ተአምር ፈልገው አይደለም። በሁለተኛው ወር «ብሬን መልሺ» የሚለኝ የለም። ላንተ ሥራ እንዳይመጣ የፈለግኩ አይምሰልህ።

እትዬ ዘነበች
ብሩክ፣ አንተ ጋ ያለውን «በሦስት ሳምንት» የሚለውን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። ጸጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንተ ያሳየኸው ስንዝር የሚሆን ነው። በፊት ያለው ታጥቦ የተሸበሸበ፣ በኋላ ያለው በካስክ ደርቆ በፔስትራ የተሳበ ነው። አላደገም፣ ተዘረጋ።

ብሩክ
😅 እሺ እትዬ፣ ተያዝኩ። ግን ፔስትራ ማድረግም እኮ ሥራ ነው፣ ልናሳየው አንችልም?

እትዬ ዘነበች
አሳየው እንጂ። «ዛሬ ጠዋት፣ ዛሬ ከሰዓት» ብለህ ጻፍበት።

ሄለን
የብሩክ ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ረቂቁ ላይ መለየት አለበት። በዕለቱ የሚታይ ሥራ አለ፦ ቁርጥ፣ ቀለም፣ ሹሩባ፣ ሜካፕ። እዚያ ላይ ሰው የሚያየውን ያገኛል። በጊዜ ሂደት መጣ የምንለው ለውጥ ግን፣ ማለትም እድገት፣ መሙላት፣ የቆዳ መጥራት፣ ጠበቅ ያለ ደንብ ይፈልጋል። ፎቶው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ በእኩል ርቀት ይነሳ። እኔ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌያለሁ፣ ደንበኛዋም እኔም የምንቆምበት። ሪንግ ላይቱ በአንዱ በርቶ በሌላው መጥፋት የለበትም። ብርሃን ከላይ ሲመጣ የሳሳው ቦታ ይጎላል፣ ከፊት ሲመጣ ይደበቃል። አገጭ ዝቅ ካለ መሐል አናት ይታያል፣ ቀና ካለ ይጠፋል። በፊትም በኋላም ጸጉሩ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ወይ ሁለቱም ደረቅ ወይ ሁለቱም እርጥብ። ፊልተርና የሳሳ ቦታ መሸፈኛ ዱቄት አይፈቀድ። ሁለቱም ፎቶ ላይ ቀን ይጻፍ። በመሐል ሌላ ነገር ከተደረገ፣ ለምሳሌ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላት፣ ለመናገር ከፈቀደች ይጻፍ። ካልፈቀደች ፎቶው ይቅር፣ ምክንያቱም መድኃኒቱን ደብቀን ቅባቱን ማመስገን ነው የሚሆነው።

ትዕግሥት (የሙሽራ ሜካፕ)
የእኔ ሥራ ከላይ እንደተባለው በዕለቱ የሚታይ ነው፣ ሌላ ጣጣ ግን አለው። ሙሽሪት ትፈቅዳለች፣ ፎቶው ላይ ግን ሚዜዎቹም የሙሽራው እህትም አሉ። አንዷ ደውላ «ያለሜካፕ ማን አውጪኝ አለሽ» ብላኛለች። ሌላው ደግሞ ለምስክርነት የምሰጠው ቅናሽ ነው። «ቪዲዮ ብትሠሪልኝ 20 በመቶ እቀንሳለሁ» እላለሁ። ይህ ስህተት ነው?

ዳንጊሶ
ፎቶው ላይ የሚታወቅ ሰው ሁሉ ይጠየቅ፣ ያልፈቀደች ትቆረጥ። ልጆች ካሉ ወላጅ ይጠየቅ። በቅናሹ ላይ ግን እኔ ጠንከር እላለሁ። ገንዘብ ካለበት ምስክርነት አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። ይቅር።

እትዬ ዘነበች
እኔ ይቅር አልልም። ቅናሹን ለሁሉም ስጪ፣ ጥሩም ትበል መጥፎ። «ቅናሽ ተደርጎላታል» ብለሽም ከስሩ ጻፊ። የሚያበላሸው ጥሩ ብቻ ለተናገረች መክፈል ነው።

ሰላም
በቅናሹ ሁለት ሐሳብ አለ፣ ሁለቱንም ለጉባኤው አቀርባለሁ። ክፍል 4 አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«አባል ሳሎን ፎቶ ለማንሳትና ለመለጠፍ ለየብቻ ፈቃድ ይጠይቃል። የመለጠፍ ፈቃድ የሚጠየቀው ደንበኛው ከሳሎኑ ከወጣ በኋላ፣ የሚወጣውን ፎቶና ጽሑፍ በሙሉ በማሳየትና የሚወጣበትን ቦታ በመግለጽ ነው፤ ዝምታ እምቢታ ነው። የደንበኛ ቃል የሚጻፈው ደንበኛው እንደተናገረው ነው፤ ከረዘመ ይቆረጣል እንጂ አይጨመርበትም። በጊዜ ሂደት የመጣ ለውጥ ቀን በተጻፈባቸው፣ በእኩል ሁኔታ በተነሱ ሁለት ፎቶዎች ይቀርባል። ሳሎኑ ያላደረገው ነገር ለሳሎኑ አይቆጠርም። ደንበኛው ይውረድ ካለ ምክንያት ሳይጠየቅ በ24 ሰዓት ይወርዳል።»

ዳንጊሶ
መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ይጨመር። እኛ ብናወርደውም ሌላ ሰው ያስተላለፈውን ማስወረድ አንችልም። ይህ ፈቃድ ሲጠየቅ ቀድሞ ይነገራት።

ሰላም
ይገባል።

ጋሽ ታደሰ
እኔ ጥያቄ አለኝ። ግድግዳዬ ላይ የቆዩ የደንበኞች ፎቶዎች አሉ። ያን ጊዜ በቃል ነው የፈቀዱልኝ። ግማሾቹ አዲስ አበባ ገብተዋል፣ ስልካቸውም የለኝም። ይነሱ ነው የምትሉት?

ብሩክ
ከዛሬ ጀምሮ ይሁን፣ የድሮው ይለፍ። እኔ ቻናሌ ላይ ስንት መቶ አለኝ።

ሄለን
ቢያንስ «በፊት» የሚሉት ይውረዱ። ሰው ሲያምርበት የተነሳውን ያህል ሲቸገር የተነሳውን አይወድም።

ሰላም
ይህም ለጉባኤው ይቅረብ። ጋሽ ታደሰ፣ ስልካቸው ያለዎትን እስከዚያ ይደውሉላቸውና ምን እንዳሉ ይዘው ይምጡ።