«የደም ግፊት» ብቻውን አይጻፍ፦ ለጋራ ሐሳባችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ለጤና ጽሑፎች ትርጉም የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚህ እናዘጋጅ። መነሻዬ አንድ በራሪ ወረቀት ነው። የማን እንደሆነ ይቅር። ኢናላፕሪል ለጀመረ ሰው የተሰጠ ነው። እንግሊዝኛው ሃይፖቴንሽን፣ ማለትም የግፊት መውረድ፣ ሊያስከትል ይችላል ይላል። አማርኛው ደግሞ፦ «የመጀመሪያው እንክብል የደም ግፊት ሊያስከትል ይችላል። ራስዎን ካዞረዎት ጋደም ይበሉ።» ሰውየው መድኃኒቱን የሚውጠው ለደም ግፊት ነው። አሁን ምን ይረዳ?

አዲሱ አባል፦ ተርጓሚው ሃይፖን ሃይፐር፣ ወረደን ጨመረ ብሎ አንብቦት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንዳለ «ሃይፖቴንሽን» ብለን እንጻፈው።

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን አግኝተኸዋል። እንግሊዝኛው ላይ የሚለያዩት በሁለት ፊደል ነው፤ መሳሳት አለ። ግን እዚህ ተርጓሚው በትክክል አንብቦም ሊሆን ይችላል። ችግሩ የኛው ቃል ነው። በመዝገብ ቃል «የደም ግፊት» ልኬት ነው፤ ከፍም ዝቅም ይላል። በሰፈር ግን በሽታው ነው። «ግፊት አለብኝ» ያለ ሰው ወርዶብኛል ማለቱ አይደለም። ስለዚህ «የደም ግፊት ያስከትላል» ስትል አንባቢው የሚሰማው መጨመሩን ነው። ራሱን ሲያዞረው «ግፊቴ ተነሳ» ብሎ ሌላ እንክብል ይደግማል። የወረደውን ይባስ ያወርደዋል። እንዳለ እንጻፈው ላልከው ደግሞ፣ «ፖ» እና «ፐር»ን በስልክ ለእናትህ ንገራትና እስቲ የቱን እንደሰማች ጠይቃት።

መምህርቷ፦ የእናት ነገር ከተነሳ፣ የኔዋን ልንገራችሁ። ስትነሳ ብዥ ይልባት ነበር። የወጣላት ወረቀት ላይ «ደም ማነስ» ተብሎ ተተረጎመ። አንድ ወር ሙሉ ቀይ ሥርና ምስር አበላናት! በኋላ ሲታይ ደሟ ደህና ነው። የወረደው ግፊቷ ነበር። ቀይ ሥር ጥሩ አይደለም እንዴ ግን?

ሲስተር፦ ቀይ ሥሩ አይጎዳትም፣ የኔ እመቤት። የጎዳት ወሩ ነው። «ደም ማነስ» የአኒሚያ ስም ነው፤ ለሌላ አናውሰው። «ደም ብዛት»ም ያው ነው። ለከፍተኛ ግፊት ሲሉት የደሙ መጠን የበዛ የሚመስለው ሰው አለ። ታማሚው ሲናገረው እንሰማለን፣ ወረቀት ላይ ግን አንጽፈውም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ እንዲህ ልቅረጸው። «የደም ግፊት» ብቻውን አይቆምም፤ ሁልጊዜ ግስ ይከተለዋል፦ ጨመረ ወይም ወረደ። የበራሪው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሆናል፦ «የመጀመሪያውን እንክብል ሲወስዱ የደም ግፊትዎ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።» አጠገቡ ቁጥር ይግባ? ከ140/90 ጀምሮ ከፍተኛ፣ ከ90/60 በታች ዝቅተኛ ብንል?

ሲስተር፦ ለተርጓሚው መፈተሻ ይሁን እንጂ ለታማሚው ሕግ አይሁን። በ180 የኖረ ሰው በአንዴ 110 ሲደርስ ሊያዞረው ይችላል፤ ወረቀቱ ግን «ደህና ነህ» ይለዋል። ሲነሱ የሚወርደውማ የሚታየው በልዩነቱ ነው። 5 ደቂቃ ያህል አስተኝተን እንለካለን። ከቆመ በኋላ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደግማለን። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከቀነሰ ያ ነው። ከ130 ወደ 105 የወረደ ሰው 90ን ሳይነካ ይወድቃል።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። ቁጥሩ በተርጓሚው ገጽ ብቻ።

ፋርማሲስቱ፦ አንድ ጨምር። ረቂቁ ሲያልቅ እንግሊዝኛውን ላላየ ሰው ይነበብለት። ከዚያ «ወጣ ወይስ ወረደ? ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። «ገባህ?» አይባልም፤ «አዎ» ይላል፣ ያልፋል።

አዲሱ አባል፦ ስኳርስ? «ስኳር ያስከትላል» የሚልም አይቻለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ አሁን አገኘኸው! ሃይፖግላይሴሚያ ለማለት ነው። የደም ስኳሩ የወረደበት ሰው ቶሎ ጣፋጭ ነገር ያስፈልገዋል፤ «ስኳር» ብለህ ስትጽፍለት ግን የያዘውን ለስላሳ ያስቀምጣል።

መምህርቷ፦ በሲዳምኛስ እንዴት ይሆናል? እዚህ ከተማ ወረቀቱን በአማርኛ የሚያነበው ሁሉም አይደለም። የአማርኛው ሕግ እንዳለ ይሠራል?

ሲስተር፦ እኔ አልወስንም፤ ተናጋሪው ይምጣ። እኔን የሚያስቸግረኝ ሃይፖናትሪሚያ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ አለ። «በደም ውስጥ ያለ ጨው ማነስ» ካልን፣ የግፊት ታማሚው ወጡ ላይ ጨው ይነሰንሳል። «ሶዲየም» ካልን ማን ይገባዋል?

አዲሱ አባል፦ «ጨው አይጨምሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» ብለን እናስከትልበት?

ሲስተር፦ አስከትለው። ስሙ ግን አሁንም አልተገኘም።

ጸሐፊ፦ ክፍት ብዬ መዘገብኩት። ሲዳምኛውንም። ቅዳሜ ከሰዓት ሀይቅ ዳር እንገናኝ፤ በራሪውን አትሜ አመጣለሁ። እንግሊዝኛ ያላየ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ። ዓሣው በኔ።

መምህርቷ፦ እናቴን ይዤ እመጣለሁ።