ኦምሌት ሳጥፈው መሃሉ ይቀደዳል፣ ታቹም ይጠይምብኛል

ጥያቄ፦ ቁርስ ቤት ከጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ላይ ትንሽ ቁርስ ቤት ከከፈትኩ ሦስት ወሬ ነው። ፍርፍርና ስልስ ላይ ችግር የለብኝም፤ ያስቸገረኝ ኦምሌት ነው። ውስጡ ቲማቲም፣ ቃሪያና አይብ አድርጌ ላጥፈው ስል መሃሉ ላይ ይቀደድና ያደረግኩበት ሁሉ ይፈስሳል። ጠንከር ይበል ብዬ ትንሽ ሳቆየው ደግሞ ታቹ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይጠይማል። የምሠራው በሦስት እንቁላል፣ በትልቁ የማይዝ መጥበሻ፣ በዘይትና በከሰል ነው። የት ነው የምሳሳተው?

የዶርም ወጥ ቤት

ወተት ጨምሪበት። እኔ ለሁለት እንቁላል ግማሽ የቡና ስኒ ወተት አደርጋለሁ፤ በጣም ነው የሚለሰልሰው። የሚደርቅብሽ ወተት ስለሌለው ይመስለኛል።

እናት ጓዳ

የኔ ልጅ፣ እኔም ጋ መጥበሻው ይይዝብኛል። የቆየ የብረት መጥበሻ ነው፤ በጨው ባሸው፣ በዘይት ባሞቀው፣ መሃሉ ላይ እንቁላሉን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ሽንኩርት ቆርጬ ወለሉን ስፈትገው ለአንድ ሁለት ቀን ይሻላል። አንቺም ሞክሪው።

ሼፍ ከፈረንጅ አራዳ

እህቴ፣ መቀደዱም መጠየሙም ከአንድ ነገር ነው የሚመጡት፤ የምታጥፊው ዘግይተሽ ነው። የተመታ እንቁላል 70 ዲግሪን ትንሽ አለፍ ሲል ይረጋል። ቀለም የሚያወጣው ግን ታቹ ከ120 በላይ ሲግል ነው። ታቹ ጠየመ ማለት እዚያ ያለው ውሃ አልቋል ማለት ነው። እንጀራን አስቢው፤ ትኩሱን እንደፈለግሽ ትጠቀልዪዋለሽ፣ ያደረና የደረቀውን ግን ገና ስታነሺው ይሰነጠቃል። እንቁላሉም እንደዚያ ነው። ማቆየቱ ራሱ ነው የሚቀድደው።

መጥበሻሽን ለኪው። ወለሉ 26 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለሦስት እንቁላል ይሰፋል። ያው እንቁላል 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሚኖረው ውፍረት ከሲሶ በላይ ይቀንሳል፤ የሳሳ ነገር ቶሎ ይደርቃል፣ ክብደትም አይሸከምም። ወይ 20 የሆነ ግዢ፣ ወይ በትልቁ አምስት እንቁላል አድርገሽ ለሁለት ሰው ቁረጪው።

ከዚያ ዘይቱን ትተሽ በለጋ ቅቤ ሞክሪ፤ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዘይት ምን ያህል እንደጋለ አይነግርሽም፣ ቅቤ ይነግርሻል። ሲቀልጥ የሚያወጣው አረፋ ውስጡ ያለው ውሃ ሲፈላ ነው። አረፋው ሊጠፋ ሲል፣ ቅቤው ገና ቢጫ እያለ እንቁላሉን አፍሺ። ቸስ ማለት አለበት፤ ግን ቀስ ያለ ቸስታ። ከጮኸብሽ፣ ወይም ቅቤው የተቆላ ለውዝ መሽተት ከጀመረ ግለቱ በዝቷል፤ አውርጂው። የተነጠረ ቅቤ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃው ያለቀ ስለሆነ አረፋውን አታዪውም።

እንቁላሉ እንደገባ 20 ሰከንድ ያህል መጥበሻውን እየነቀነቅሽ በእንጨት ማንኪያ አማስዪው፣ ልክ ፍርፍር ልትሠሪ እንደሆነ ሁሉ። ፈሳሹ ውስጥ ትናንሽ የረጉ ነገሮች ሲታዩሽ አቁሚ። ወለሉን እኩል ይልበሰው፤ የተከፈተ ቦታ ካለ ፈሳሹን ወደዚያ ግፊ፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ ከሳሳ የሚቀደደው እዚያ ነው። ከዚያ ከእሳቱ አንሺው። ላዩ ገና ያብለጨልጫል፣ እርጎ ይመስላል፤ መጥበሻውን ስታዘነብዪው ግን አይፈስም። የማጠፊያው ሰዓት ይኼ ነው። ቀሪውን መጥበሻው ላይ ያለው ግለት ይጨርሰዋል።

አስተጣጠፉ እንዲህ ነው። ጠርዙን ዙሪያውን በማገላበጫ አላቂው። ውስጡ የሚገባውን መሃል ላይ እንደ መስመር አድርገሽ አስቀምጪ፣ ከመያዣው ጋር በመስቀል አቅጣጫ። በመያዣው በኩል ያለውን ሲሶ መጀመሪያ አልብሺው። መጥበሻውን አዘንብለሽ ሌላው ጠርዝ ወደ ከንፈሩ እንዲንሸራተት አድርጊ፣ ሳህኑን አስጠጊና ገልብጪው። የመጨረሻውን እጥፋት ሳህኑ ነው የሚያጥፈው፤ ስፌቱ ከታች ይቀራል። ለሁለት ብቻ እያጠፍሽ ከነበረ ክብደቱ ሁሉ አንዲት እጥፋት ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለ ወተቱ፦ ወንድሜ፣ ማለስለሱ እውነት ነው። ግን የሚያለሰልሰው የእንቁላሉን መያያዝ ስለሚያላላው ነው። ለፍርፍር ጥሩ ነው። ለሚታጠፍ ኦምሌት ግን ያንተን ያህል ከተጨመረ እንዲያውም ቶሎ ይቀደዳል። የግድ ካስፈለገ ለሦስት እንቁላል አንድ የሻይ ማንኪያ።

እናቴ፣ የርስዎ ሌላ ችግር ነው። የርስዎ ይይዛል፣ የርሷ ሳይዝ ነው የሚቀደደው። ብረቱን በደንብ አግለው ስስ ዘይት ቀብተው፣ እስኪጨስ ጠብቀው፣ አቀዝቅዘው ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ በኋላ በሳሙና አይፈትጉት።

ባለ ቴርሞሜትር

ከፍታውስ? ጅማ ከ1700 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። የውጭ ቪዲዮ እያየሽ ሰዓቱን ከቀዳሽ ላይገጥምልሽ ይችላል።

ሼፍ ከፈረንጅ አራዳ

ለባቄላና ለሥጋ ልክ ነህ፣ ሰዓት ይጨምራል። እንቁላል ግን 94 ሳይደርስ ነው የሚረጋው። እዚህ ሰዓቱን የሚቀያይረው ከሰሉ ነው።

ነጋዴዋ ከሂርማታ

ስለ ከሰሉ ልናገር፣ አሥር ዓመት በከሰል ነው የሠራሁት። ገና ቀይ ሆኖ እየነደደ እንቁላል አትጪበት። ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቂ፤ ከዚያም ከሰሉን ወደ ዳርና ዳር ግፊና መሃሉን ክፍት አድርጊው፣ መሃል ላይ ነውና የሚያርርብሽ። ከሰል እንደ ጋዝ አይቀነስም፤ የሚቀነሰው መጥበሻውን አንስቶ በመያዝ ነው። ቀኝ እጅሽ ያማስል፣ ግራሽ መጥበሻውን ከመያዣው አይልቀቅ። የማይዘውን መጥበሻ ደግሞ ባዶውን ከሰል ላይ ጥደሽ አትርሺው፤ ሽፋኑ ይበላሻል፣ ጭሱም ጥሩ አይደለም።

ሌላው ቲማቲሙ ነው፣ እሱን ማንም አላነሳውም። ጥሬውን ነው የምታደርጊው?

ቁርስ ቤት ከጅማ

አዎ፣ ጥሬውን ነው፣ ተከትፎ። አይቡንም ከገበያ እንዳመጣሁት ነው የማደርገው። መጥበሻው ተለካ፣ ወለሉ 25 ነው።

ነጋዴዋ ከሂርማታ

በይ እንግዲህ፣ ግማሹ ችግር እዚያ አለ። ጥሬ ቲማቲም ትኩስ እንቁላል ላይ ሲያርፍ ውሃውን ይለቃል። ውሃው ከእጥፋቱ ሥር ይጠራቀምና እንፋሎት ሆኖ ይገፋዋል፣ ስስ የሆነውን ቦታም ያርሰዋል። ሳህኑ ላይ ሮዝ ውሃ ካየሽ ምልክቱ እሱ ነው። ፍሬውን አውጥተሽ ጣይ፣ ሥጋውን ከቃሪያው ጋር ለብቻ አብስይው፤ ማንኪያሽ ሲያልፍ ወለሉ ደርቆ መስመር እስኪያሳይ ድረስ። አይቡን ስስ ጨርቅ ላይ አድርገሽ ከማታ ጀምሮ አንጠልጥዪው፤ ጠዋት በጣትሽ ስትጭኚው ውሃ አይውጣ። ጠዋት ከማቀዝቀዣ አውጥተሽ ወዲያው አታድርጊው፤ ቀዝቃዛ ነገር እንቁላሉን ባረፈበት ቦታ ያቆመዋል፣ አንቺም እሱን ለማሞቅ ስትዪ ታቹን ታጠይሚዋለሽ። ከበሰለው ቲማቲም ጋር ለብ አድርጊው። ልኩ ሁሉም ተደምሮ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው፣ ከዚያ በላይ አይታጠፍም። ደንበኛ ብዙ ከፈለገ የቀረውን ከጎኑ አድርጊለት። አቮካዶም ከጎኑ ነው የሚያምረው፤ ውስጡ ሲገባ ያንሸራትታል።

ቁርስ ቤት ከጅማ

ሞከርኩት። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሠራሁ፣ በተዋስኩት 20 መጥበሻ። የመጀመሪያው አሁንም ተቀደደ፣ ግን መሃሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ጋ። ቅቤው አረፋ እያለው ነበር ያፈሰስኩት፣ ከሰሉም አመድ ለብሶ ነበር፣ ቲማቲሙም በስሎ ደርቋል። ታቹ ምንም አልጠየመም። ሁለተኛው ሳይቀደድ ወጣ፤ ሳህኑ ላይ ሳስቀምጠው ቢጫው ሙሉ ነበር። የመጀመሪያው ለምን ጠርዙ ብቻ?

ሼፍ ከፈረንጅ አራዳ

ጠርዙ ስስ ሆኖ ወደ መጥበሻው ግድግዳ ከወጣ ቀድሞ ይደርቃል። እያማሰልሽ ሳለ ግድግዳው ላይ የቀረውን በማገላበጫ ወደ ውስጥ መልሺው። በሁለተኛው ሳታውቂው አድርገሽው ይሆናል። ሌላው፣ ሳታላቂው አጥፈሽ ከሆነ አንድ ቦታ ይዞ ይጎትተዋል። ጠርዙን ስታነሺው እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ ከቆመ ደርቋል፤ እንደ ጨርቅ ከተንጠለጠለ ደህና ነው።

ቁርስ ቤት ከጅማ

ሳላላቀው ነው ያጠፍኩት፣ አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለተኛውን ለደንበኛ ሰጠሁት፤ ቆርጦ ውስጡን ሲያየው «አልበሰለም» ብሎ መለሰው። እዚህ ሰው ደረቅ ያለውን ነው የለመደው።

ጤና ባለሙያዋ

ደንበኛሽ ልክ ነው ብዬ አስባለሁ። የእንቁላል ምግብ መሃሉ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ነው የሚመከረው፤ ላዩ እርጎ መስሎ ከወረደ ለመድረሱ ማረጋገጫ የለሽም። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት በጭራሽ እንደዚያ አታቅርቢ።

ሼፍ ከፈረንጅ አራዳ

ለነሱስ አልከራከርም። ለቀረው ግን የታጠፈው ኦምሌት አንድ ደቂቃ ሳህን ላይ ሲቆይ ውስጡ ይረጋል፤ ያን ደቂቃ ሳይጠብቅ ነው የቆረጠው። ካልሆነ ከማጠፍሽ በፊት ከእሳት አውርደሽ መጥበሻውን ለ40 ሰከንድ ክደኚው። ላዩ ማብለጭለጩን ያቆማል፣ ታቹ ግን ከሥሩ እሳት ስለሌለ አይጠይምም። ከዚያ ወዲያውኑ እጠፊ።

ጤና ባለሙያዋ

ክዳኑ ይሻላል። ሳህኑ ላይ ያለው አንድ ደቂቃ ግን አያሳምነኝም፤ በጅማ ጠዋት ቅዝቃዜ የብረት ሳህን ላይ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባለ ቴርሞሜትሩ አንድ ቀን ሁለቱንም ለክቶ ቢነግረን ደስ ይለኛል።

ባለ ቴርሞሜትር

ቅዳሜ እለካዋለሁ፣ አንዱን በሳህን፣ አንዱን በክዳን። የሸክላ ሳህን ነው ያለኝ፣ የብረት ያለው ካለ ያበድረኝ።

የዶርም ወጥ ቤት

እኔ ወተቱን ትቼ ሞከርኩ። ታጠፈልኝ። ለፍርፍር ግን ወተቴን አልተውም።