ከሰል፣ ላምባ፣ ስቶቭ ወይስ ሲሊንደር?

ሰናይት፦ አምስት ነን፤ ጀሞ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ለወጥና ለሻይ በወር የትኛው ይቀላል? አከራያችን ስቶቭ ከሰካችሁ 1,500 ብር እጨምራለሁ ብለውናል። ከሰል እኛ ሰፈር ኪሎው 40 ብር አካባቢ ነው።

ሄኖክ፦ ኤሌክትሪክ ነዋ! ይሄ ምን ክርክር አለው? እንደ ከሰል ኪስ የሚያራቁት የለም።

እትዬ አበበች፦ ልጄ፣ የሚበላው ምጣዱ ነው። እኔ እንጀራ በጋገርኩበት ሳምንት ካርዱ ወዲያው ነው የሚያልቀው።

ዳዊት፦ እትዬ፣ ምጣዱ እውነትዎን ነው፣ ግን እሷ የጠየቀችው ስለ ወጥ ነው። እኔ ስቶቭ ጠጋኝ ነኝ። ድስቱ ውስጥ በሚገባው ሙቀት ሲታሰብ፣ አንድ ኪሎ ሲሊንደር ጋዝ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወይም 4 ኪሎ ከሰል ይተካል፤ ላምባ ደግሞ ሁለት ሊትር አይሞላም። በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ብትጠቀሙ በወር 90 ነው። ያው ሥራ በጋዝ 9 ኪሎ፣ በላምባ 15 ሊትር፣ በከሰል 36 ኪሎ ይፈጃል። ከሰሉ 1,440 ብር መጣ ማለት ነው። አከራይሽ ደግሞ 1,500 ሲሉ ኪሎዋት ሰዓቱን ወደ 17 ብር እየሸጡላችሁ ነው። የመብራት ደረሰኙን ጠይቂያቸውና አስተያዪው።

ጋሽ ግርማ፦ እኔም አከራይ ነኝ። ታሪፉ በደረጃ ነው የሚወጣው። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ውዱ ደረጃ ላይ እንደርሳለን። ጭማሪው ከኪሴ ይውጣ?

ዳዊት፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ለዚህ መፍትሔው የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ነው፤ በግምት ከሆነ ሁልጊዜ አንዱ ይጎዳል።

ሄኖክ፦ ላምባስ? ዋጋውን መንግሥት ስለሚወስነው ርካሽ ነው ይባላል።

ዳዊት፦ መወሰኑ እውነት ነው፣ ግን ከነዳጁ ጋር አብሮ ይጨምራል። ክሩ ካልተከረከመ ደግሞ ድስቱን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ ያኔ ላምባው በከንቱ እየነደደ ነው።

ሰናይት፦ ሲሊንደሩ ስንት ቀን ይቆያል?

ዳዊት፦ በዚህ ስሌት 12.5 ኪሎው አርባ ቀን አካባቢ። ስትገዢ አስመዝኚው፤ የባዶው ክብደት አናቱ ላይ ተቀርጿል፣ እሱን ቀንሺ። ከሰሉንም አስመዝኚ። ማዳበሪያው ሥር ብናኝ ይበዛል፣ ካረጠቡት ደግሞ የምትከፍዪው ለውሃ ነው። ወጡ ከወጣ በኋላ ፍሙ ዝም ብሎ ሲነድ ከተተወ 36 ኪሎው አይበቃሽም።

እትዬ አበበች፦ ቡናስ? ያለ ከሰል ቡና አይሆንልኝም።

ዳዊት፦ ለቡና ትንሽ ይያዝ፣ በሩን ግን ክፈቱ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጋሽ ግርማ፦ የውስጥ ቆጣሪውንስ ማን ይገዛዋል? እኔ ተከራዩ ነው ባይ ነኝ።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ስንወጣ ይዘነው እንሄዳለን ማለት ነው?