አሥራቱን እኔ ከፍዬ ቅናሹ ለአለቃዬ?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ «እኔና ባለቤቴ በ2025 ለቤተክርስቲያን 5,000 ዶላር ሰጠን። ግብር የሚሠራልን ሰው ‘አንድ ሳንቲም አያስመልስላችሁም’ አለን። አለቃዬ ግን የሰጠው ሁሉ ይመለስለታል። መንግሥት ለሰጪ ቅናሽ የሚያደርገው ለምንድነው? ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ?»

ባለታክሲው፦ እህቴ፣ ደረሰኝ ስለሌለሽ ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንዴ ከሰጠሽ ከቤተክርስቲያኑ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልግሻል። እሱን አምጪና ይመለስልሻል። ካልሆነ ሰውዬሽን ቀይሪው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ስለ ማረጋገጫው ልክ ነህ፣ እሷ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። በቁጥር እንየው። የቤት ብድር ወለዳቸው 9,000፣ የስቴትና የንብረት ግብራቸው 8,000 ነው እንበል። ከስጦታው ጋር 22,000 ሆነ። ባልና ሚስት አብረው ሲያስታውቁ ደግሞ የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን 31,500 ነው። ከገቢያቸው የሚቀነሰው ወይ ይህ ነው፣ ወይ በደረሰኝ የዘረዘሩት፤ ሁለቱም አይሆንም። ምንም ደረሰኝ ሳያሳዩ 31,500 የሚቀነስላቸው ከሆነ 22,000ውን ማን ይዘረዝራል? ስጦታው ቢኖርም ባይኖርም ግብሩ ያው ነው። ከ2018 በፊት ከአሥር ሰው ሦስት ያህሉ ይዘረዝር ነበር። የ2017ቱ ሕግ ስታንዳርዱን እጥፍ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም፣ ዘርዛሪውም ወደ አንድ ገደማ ወረደ።

አለቃሽም ቢሆን ሁሉም አይመለስለትም። የሚዘረዝርና ላይኛው እርከን ላይ ከሆነ ግብሩ 37 በመቶ ነው። ከ5,000ው 1,850 ይቀነስለታል፣ 3,150 ከኪሱ ይወጣል። ለአንቺ ግን ሙሉ 5,000 ነው የወጣው። አንዱ ስጦታ፣ ሁለት ዋጋ።

የአዲስ አበባው፦ ይቅርታ፣ ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ አልተባለም እንዴ? ለጽድቅ ከሆነ ደረሰኝ ምን ይሠራል?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ወንድሜ፣ መንግሥት ስለ ጽድቅህ አይደለም የሚያስበው። ሁለት ምክንያት ይነገራል። አንደኛው፣ ለሌላ የሰጠኸውን አንተ አልተጠቀምክበትም፣ ስለዚህ እንደ ገቢህ አይታይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ችግረኛ ማብላትና ሕመምተኛ መርዳት መንግሥትም የሚያወጣበት ሥራ ነው፣ ሰው ሲያደርገው ይደገፍ የሚል። በሁለተኛው ከሄድን ቅናሹ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ያኔ የአለቃዋ ምርጫ ከእሷ ምርጫ በላይ የሚደጎምበትን ምክንያት እኔም አላውቅም።

ባለታክሲው፦ ሀብታሙ እኮ ብዙ ግብር ስለሚከፍል ነው ብዙ የሚቀነስለት። ካልተቀነሰለት አይሰጥም፣ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ይጎዳል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ይህንንስ በቀላሉ አልጥለውም። ትልልቁ ስጦታ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

የቨርጂንያዋ፦ እኔ ለጎረቤታችን ለቅሶ በኦንላይን መዋጮ 600 ዶላር አዋጥቻለሁ፣ ለአክስቴም በየወሩ እልካለሁ። እሱስ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ አይቀነስም። ለግለሰብ የተሰጠ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን አይቆጠርም። እውቅና ላለው ድርጅት መሆን አለበት። የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ሲሆን ደግሞ ሙሉው አይቆጠርም፤ የ100 ዶላር ትኬት ገዝተሽ የ40 ዶላር ምግብ ከበላሽ ስጦታሽ 60 ነው።

የለንደኑ፦ እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ጊፍት ኤይድ ይሉታል። 100 ፓውንድ ስሰጥ አንድ ቅጽ እሞላለሁ፣ ቤተክርስቲያኑ ከግብር መሥሪያ ቤቱ 25 ይጠይቃል፣ 125 ይገባለታል። ደሞዜ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ግብር እስከከፈልኩ ድረስ 25ቱ ያው ነው። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የሚጣለው ብር እንኳ፣ አንዱ ስጦታ ከ30 ፓውንድ ካልበለጠ፣ ያለ ቅጽ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ የዓመት ጣሪያ ቢኖረውም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የእናንተን ግማሽ ብቻ ነው የነገርከን። 40 በመቶ ከፋዩ ከ125ቱ ላይ 20 በመቶ፣ ማለት 25 ፓውንድ፣ ለራሱ ያስመልሳል። ሀብታሙ እዚያም ይጠቀማል። ቅጹን የሞላ ሰው ደግሞ በዓመቱ የከፈለው ግብር ድርጅቱ ካስመለሰው ካነሰ ልዩነቱን ራሱ ይከፍላል። ጡረተኞች ላይ ይደርሳል።

ቢሆንም ለተቀባዩ መጨመሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ዋጋቸው እኩል ሆኖ እንኳ ለሰጪው ከሚመለስ ይልቅ በስጦታው ላይ የሚጨመር ለድርጅቱ ብዙ ገንዘብ ያስገባል። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፦ ሰው 100 ለመስጠት አስቦ ነው የሚመጣው። ከወራት በኋላ የሚመለስለትን አስልቶ ቼኩን አያሳድግም።

ጠያቂዋ፦ የሦስት ዓመቱን አሥራት በአንድ ዓመት ብንሰጥስ? ጓደኛዬ መክራኝ ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ 15,000 ሲደመር የወለዱና የግብሩ 17,000፣ 32,000። ከ2025ቱ ስታንዳርድ በ500 በለጠ። 12 በመቶ ላይ ከሆናችሁ ለሦስት ዓመት ድካም 60 ዶላር። ከ2026 ጀምሮ ግን ለማይዘረዝሩም በጥሬ ገንዘብ ለሚሰጡት፣ ለባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር ከገቢያቸው ላይ ይቀነሳል። በ12 በመቶ 240 ዶላር ነው። ዘርዛሪዎቹ ላይ ደግሞ ከስጦታቸው የገቢያቸውን ግማሽ በመቶ የሚያህለው የመጀመሪያው ክፍል አይቆጠርላቸውም፣ የላይኛው እርከንም ጥቅሙ 35 በመቶ ላይ ቆሟል።

ባለታክሲው፦ አየህ፣ ሀብታሙን መቅጣት ጀመሩ።

ጠያቂዋ፦ ከ37 ወደ 35 ወረደ ነው ቅጣቱ? እኔ ከዜሮ ወደ 12 ነው የሄድኩት። የቤተክርስቲያኑን ገንዘብ ያዥ የዓመቱን ማረጋገጫ ልጠይቅ፣ ሌላው ይቆየኝ።