ዎከር የተባለው ሰው ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል?

ተርጓሚዋ፦ እስቲ እርዱኝ። የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሰዎቹ ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ነው የኖሩት፣ የቤተሰቡ ስም ዎከር ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር «የመጀመሪያው ዎከር ከገንዳው ሳይወጣ አረጀ» ይላል። ዎከርን «ተጓዥ» ብዬ ፈትቼው ነበር። ታዲያ ተጓዥ ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል?

ዝም አይሉ፦ ይዋኛላ! ደግሞ ተጓዥ መሆኑን ጆኒ ዎከር ይመሰክራል። ጠርሙሱ ላይ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ሲራመድ አላየሽም?

ብሉይ ቀለም፦ ጠርሙሱ የሚመሰክረው ሠዓሊው ስሙን በዛሬ ትርጉሙ እንዳነበበው ብቻ ነው። ጆን ዎከር ባለሱቅ ነበር እንጂ መንገደኛ አልነበረም። እህቴ፣ ገንዳው ልክ ነው፣ የተሳሳተው «ተጓዥ» ነው። ዎከር የሙያ ስም ነው። ሱፍ ጨርቅ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ሳሳ ያለ ነው፣ ቅባትም አለበት። ገንዳ ውስጥ ይነከርና ሸክላ አፈር ወይም የቆየ ሽንት ይጨመርበታል። ከዚያ በባዶ እግር ለሰዓታት ይረገጣል። ቅባቱ ይለቃል፣ ጨርቁ ይኮማተራል፣ ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዙና ንፋስ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ይሆናል። ያን የሚረግጠው ሰው ነው ዎከር።

ዝም አይሉ፦ የቆየ ሽንት? ከአሁን ወዲያ ጠርሙሱን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

የጫካው ሰው፦ ይቅርታ፣ እኔ የማውቀው ሌላ ነው። የንጉሥ ደን በክፍል በክፍል ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል «ዎክ» ይባል ነበር። ክፍሉን እየዞረ የሚጠብቀው ሹም ዎከር ነው።

ብሉይ ቀለም፦ ግማሹን ይዘሃል። የደን ጠባቂም በዚህ ቃል ተጠርቷል። ለሱፍ ረጋጭ የዋለው ግን በጣም ይቀድማል፤ ኖርማኖች በ1066 ከመግባታቸው በፊት በነበረው እንግሊዝኛ «ዌልከሬ» የላቲኑ «ፉሎ» መፍቻ ሆኖ ይገኛል። ፉሎ ደግሞ ያው ሱፍ ረጋጩ ነው። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ግን ካርታው ነው። ያው አንድ ሙያ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ ታከር፣ በሰሜን ዎከር ይባል ነበር። ሦስቱም ስሞች የበዙት በየራሳቸው አካባቢ ነው። ዎከር የደን ጠባቂ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፉለርና ታከር በሚበዙበት አገር የሚቀንስበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ሰሜን ኮከብ፦ ወይ ጉድ! ሥራ ቦታ ታከር የሚባል የአየርላንድ ሰው አለ። ነገ «አያትህ ሽንት ይረግጡ ነበር» ልበለው?

ብሉይ ቀለም፦ እንዳትለው! የአየርላንድ ታከር ብዙ ጊዜ ኦ ቱአሃር ከሚለው የአባት ስም በእንግሊዝኛ ጸሐፊ ጆሮ የተቀየረ ነው። ከሱፍ ጋር አይገናኝም። በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጻፉ ሁለት ስሞች ናቸው። ለዚህ ነው ስም ከመፍታት በፊት ቤተሰቡ የት ነበር ብሎ መጠየቅ የሚሻለው።

ፊደል ቆጣሪ፦ እኔ የከረመ ጥያቄ አለኝ። መጨረሻው «ኧር» ከሆነ ሙያ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

ብሉይ ቀለም፦ አይደለም። ብሪጀር ድልድይ ሠሪ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ድልድይ አጠገብ የሚኖር ሰው ነው። ጀርመን ውስጥም ዊነር ማለት የቪየና ሰው ነው። ከመጨረሻው ይልቅ በድሮ መዝገብ ከስሙ በፊት የምትገባውን ትንሽ ቃል ፈልግ። «አት» ወይም «ደ» ካለ ቦታ ነው። «ፊሊየስ» ካለ የአባት ስም ነው። የፈረንሳይኛው «ለ» ካለ፣ «ለ ዎከሬ» እንደሚለው፣ ሙያ ነው፣ ወይም ጠባይና መልክ ነው። «ለ ሩስ» ቀዩ ማለት ነው፣ በፀጉሩ። ስለዚህ «ለ» ብቻዋን ሙያን ከመልክ አትለይም፣ ቀጥሎ ያለው ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር መታወቅ አለበት። ዎከር ላይ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ግን እኮ ሱፉ ላይ «ስለሚራመድ» ዎከር ተባለ ብንል ያው አይደለም? ምን ያጨቃጭቃል?

ብሉይ ቀለም፦ ያጨቃጭቃል! ሙያው ስሙን ሲያገኝ ግሱ ገና መራመድ ማለት አልነበረም። ማንከባለል፣ ማገላበጥ ነበር። ጀርመንኛ እስከ ዛሬ «ቫልከን» ሲል ሱፍ መዳመጥ ማለቱ ነው፣ መራመድ የለበትም። ጣሊያኖችም ቃሉን ወስደው የሱፍ መዳመጫውን ወፍጮ «ጓልኪዬራ» ይሉታል። መራመድ በኋላ በእንግሊዝኛ የመጣ ትርጉም ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠኸዋል።

የንታ፦ ልጆች፣ ይህ ሁሉ ፈረንጅ ከመጠራቱ በፊት ቤታችሁን ፈትሹ። ግእዙ «ኬደ» ይላል፣ ረገጠ ነው። «መከየደ እግር» የእግር መርገጫ ነው፣ መዝሙር የደገመ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚሁ ከ«ኬደ» ነው «ሄደ» የወጣው። ረጋጩ ተራማጅ የሆነው እንግሊዝ አገር ብቻ አይደለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ የንታ፣ ይቅር ይበሉኝና «ሄደ»ን ከ«ኬደ» ማውጣት ትንሽ ጎተት አላደረጉትም?

የንታ፦ ጎተት ያደረግሁት እኔ ሳልሆን ከ ናት። ከ ላልታ ኸ ትሆናለች፣ ኸ ደግሞ ሀ። ትግርኛ ጠይቅ፣ «ከይዱ» ሲል ሄደ ማለቱ ነው፣ ከ ሳትላላ። እኔ ቅኔ ስቆጥር አንተ ፊደል አልቆጠርህም።

ብሉይ ቀለም፦ የንታ ትክክል ናቸው። እንዲያውም ከእንግሊዝኛው የተሻለ ምሳሌ ሰጡን።

ዝም አይሉ፦ ይህ ውይይት ላይ አንድ ሰው ሌላውን «ትክክል ነው» ሲል የመጀመሪያው ነው። ቀኑ ይመዝገብ።

ተርጓሚዋ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን የእኔ ዓረፍተ ነገር አሁንም ገንዳ ውስጥ ነው። «የመጀመሪያው ዎከር» ላይ ምን ልበል? «አጣቢ» ብለውስ? ማርቆስ 9፥3 ላይ ልብስ የሚያነጣው ሰው «አጣቢ» ነው። ግሪኩ ያው ሙያ መሰለኝ።

ብሉይ ቀለም፦ ሙያውስ ያው ነው፣ ግን «አጣቢ» ስትይ አንባቢሽ ሳሙና ነው የሚያስበው። መኮማተሩና መወፈሩ ይጠፋል። «ሱፍ ረጋጭ» ብትይ ገንዳው ይገባዋል። የሚጠፋው በዛሬው «ተራማጅ» ላይ ያለው ጨዋታ ነው፤ ጸሐፊው ተራማጁን አንድ ቦታ ያስረጀው ለዚያ ነው። ሌላም ተጠንቀቂ። የ«መጀመሪያው» ዎከር ረግጦ ይሆናል፣ ልጆቹ ግን ስሙን እንጂ ገንዳውን አልወረሱ ይሆናል። የ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ላይ ስማቸው ሌላ፣ ሥራቸው ሌላ የሆኑ ሰዎች አሉ። ከ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወንዝ የሚያዞረው መዶሻ የእግርን ሥራ መውሰድ ጀምሯል። መጽሐፉ ስለ ስንተኛው መቶ ዘመን ነው የሚያወራው?

ተርጓሚዋ፦ አይገልጽም። «ከያዲ» ብለውስ የንታ? መርገጡም መሄዱም ተያዘ።

ዝም አይሉ፦ አንባቢሽ ከሃዲ ብሎ እንዳያነበው ብቻ።

የንታ፦ «ከያዲ» ያምራል። ግን «አጣቢ»ን ካነሳሽ አይቀር፣ ከላይ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። «ሕፅበተ እግር» በፀሐዩ ፀ ነው ወይስ በጸሎቱ ጸ የሚጻፈው?

ፊደል ቆጣሪ፦ በፀሐዩ ነው እንጂ!

የንታ፦ ማን አስተማረህ?

ተርጓሚዋ፦ ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው…

ፊደል ቆጣሪ፦ አንድ ደቂቃ እህቴ፣ ይቺን ልጨርስ።