«ታሳቢ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ አንድ ምንጭና ስለ ባህር ዛፉ

የማርቆሷ መምህርት፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህን አንቀጽ ሰጠኋቸው። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

«በቀበሌያችን ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ባህር ዛፍ ከተተከለ ወዲህ ምንጩ እየነጠፈ መጥቷል። ስለዚህ ባህር ዛፉ ቢቆረጥ ምንጩ ይመለሳል።»

ጥያቄው «የጸሐፊውን ድብቅ ታሳቢ አውጡ» ይላል። ብዙዎቹ «ጸሐፊው ምንጩን ታሳቢ አድርጓል» ብለው መለሱልኝ። አልፈርድባቸውም፤ በቢሮ አማርኛ «ታሳቢ በማድረግ» ማለት «ከግምት በማስገባት» ነዋ። ሌላ ቃል አላችሁ?

ቡሬ ማዶ፦ ታሳቢ ሳያረጋግጡ የተናገሩት ነገር ነው። ባጭሩ ስህተት። «ጸሐፊው የት ላይ ተሳሳተ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ አለቀ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ሳያረጋግጡ ያልከውስ ልክ ነው፤ ስህተት ያልከው ግን አይደለም። ታሳቢ እውነት ሊሆንም ይችላል። ዋናው ነገር ሳይነገር መቅረቱና ድምዳሜው ያለ እሱ አለመቆሙ ነው።

እኔም መጀመሪያ «ወርቁን ፈልጉ» እንደማለት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ይለያያሉ። ወርቁን ባለቅኔው አውቆ ነው የሚቀብረው፤ «ውስጠ ወይራ ተናገረ» ስንልም ብልሃቱን ማድነቃችን ነው። ታሳቢን ግን ጸሐፊው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ «ድብቅ» የሚለው ቃልሽም አሳሳች ነው፤ ማን ደበቀው? «ያልተነገረ መነሻ» ብትዪው ይሻላል።

አንቀጽሽ ላይ እንምጣ። «ወዲህ» የጊዜ ቃል ነው፣ «ስለዚህ» የምክንያት። አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ድልድይ ያለ ይመስለዋል፤ የለም። ዛፉ ከተተከለ ወዲህ ሌላ ምን ተለወጠ? አልተነገረንም።

የዳንግላው ገበሬ፦ ኧረ ባህር ዛፋችንን ተዉልን! ልጆቼን ያስተማርኩ በእሱ ነው። የቤት ማገሩም፣ ማገዶውም እሱ ነው። ጸሐፊው «ባህር ዛፍ ጥቅም የለውም» ብሎ ተነስቷል፤ ድብቁ ነገር ይኸው ነው።

የማርቆሷ መምህርት፦ ጋሼ፣ አይቆጡ፤ ጽሑፉ «ይቆረጥ» አላለም። «ቢቆረጥ ምንጩ ይመለሳል» ነው ያለ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ጋሼ ያሉትን ገልብጠን እንሞክረው። «ባህር ዛፍ ብዙ ጥቅም አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንቀጹ ላይ እንጨምር። «ምንጩ ይመለሳል» የሚለው ፈረሰ? አልፈረሰም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ታሳቢ አይደለም። ድምዳሜው «መቆረጥ አለበት» ቢል ኖሮ ግን እርስዎ ያሉት ነበር።

አሁን ሌላ እንጨምር፦ «በእነዚያው ዓመታት ከምንጩ በላይ ለመስኖ ውኃ በሞተር መሳብ ተጀምሯል።» ወዲያው ነገሩ ተንገዳገደ። እንግዲህ ጸሐፊው የተደገፈው «ሌላ የሚያነጥፍ ምክንያት የለም» በሚል ነበር ማለት ነው።

ቡሬ ማዶ፦ ገባኝ። ታሳቢው «ምንጩን ያነጠፈው ባህር ዛፍ ብቻ ነው» የሚል ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ «ብቻ» በዛች። ሞተሩ ጥቂት ቀንሶ ዛፉ ብዙውን ቢቀንስ፣ ዛፉ ሲሄድ ምንጩ ሊመለስ ይችላል እኮ። ጽሑፉ ከሚያስፈልገው በላይ አታሸክመው።

ቡሬ ማዶ፦ «ይመለሳል» ማለት እንደ ዱሮው ይሆናል ማለት አይደል? እንደ ዱሮው ከሆነ ሌላው ጥቂቱንም ቢሆን መቀነስ የለበትም። «ብቻ»ን አልለቅም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እሱ «ይመለሳል»ን ምን ያህል አጥብቀህ እንደምታነበው ነው። እኔ «እንደገና ይፈልቃል» ብዬ ነው ያነበብኩት።

የዳንግላው ገበሬ፦ እናንተ ስለ «ብቻ» ስትጨቃጨቁ እኔ «ቢቆረጥ» ላይ ቀርቻለሁ። ባህር ዛፍ በመቆረጥ ይጠፋል ያለ ማን ነው? ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አንዱን ግንድ ቆርጠህ ሦስት አራት ሆኖ ይነሳል። እኛ አንድ ጊዜ ተክለን ደጋግመን የምንሸጥ በዚሁ አይደል? ሥሩ ሳይነቀል ውኃው እንዴት ይመለሳል?

የማርቆሷ መምህርት፦ ጋሼ፣ ይህን እኔም አላየሁትም። ያልተነገረውን አውጡ ብዬ የጻፍኩት እኔ፣ «መቆረጥ መጥፋት ነው» ብዬ መነሳቴን አላወቅሁም። በመልስ ወረቀቴም ላይ የለም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ጸሐፊው ላያውቀው ይችላል ያልኩሽ ይኸው።

ቡሬ ማዶ፦ ቃሉስ ምን ሆነ? እኔ «ቅድመ ግምት» ነው የምመርጠው።

የማርቆሷ መምህርት፦ «ግምት» ከተባለ ደግሞ «ከግምት ማስገባት»ን አምጥተው ያደናግሩታል፤ እንደገና እዚያው ነን። ለጊዜው «ያልተነገረ መነሻ» ብዬ እሞክረዋለሁ። ለሌላው ክፍል «ቢቆረጥ»ን «ቢነቀል» ላድርገው እንዴ?

የዳንግላው ገበሬ፦ ተይው እንዳለ። የገበሬ ልጅ ካለበት ያገኘዋል።