ከረጅም የቻት ስክሪንሾት ላኪውን ስለይ በጥቅስ ውስጥ ያለው ስም እያምታታኝ ነው

ሰላም ወገኖች። ጅማ ላይ ቡና ሻጭና ገዢ በዋጋ የተነጋገሩበትን የግሩፕ ቻት ቀን፣ ሰዓት፣ ላኪና መልእክት ወዳለው ሰንጠረዥ እየቀየርኩ ነው። ዋናው ቻት ስለጠፋ ያለው አንድ ረጅም ስክሪንሾት ብቻ ነው። በየ2000 ፒክስሉ ቆርጬ፣ ቁራጮቹን በ200 ፒክስል አደራርቤ እንዲህ አነበብኳቸው፦

```
tesseract p1.png p1 -l amh+eng --psm 6 tsv
```

ሰዓቱ ከመልእክቱ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ሰዓት ሲገኝ ረድፉን እዘጋለሁ። ይሄ ይሠራል። (ስልኩ 8:15 ጠዋት ሲል ሰዎቹ «2:15» ይላሉ፤ የስልኩን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

የተቸገርኩት ላኪው ላይ ነው። አንድ ሰው ተከታትሎ ሲጽፍ ስሙ የሚታየው በመጀመሪያው መልእክት ላይ ብቻ ነው። ሻጩ ሁለተኛውን መልእክት ለገዢው መልስ አድርጎ ከላከው፣ ከላይ የሚነበበው የተጠቀሰው የገዢው ስም ነው። ስለዚህ ሻጩ የጻፈው «ተስማምቻለሁ» በገዢው ስም ይመዘገባል።

ጥቅሱ ትንሽ ገባ ብሎ ስለሚጀምር በ`left` ቁጥር ልለየው ሞከርኩ። ነገር ግን የመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል ሳይነበብ ሲቀር ተራው መልእክትም ገባ ያለ ይመስላል። ከጥቅሱ ግራ ያለውን ባለቀለም ቋሚ መስመር ከምስሉ በቀለም ፈልጎ፣ በዚያ ከፍታ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጥቅስ ማለት ያዋጣል? የሞከረው ካለ፣ ስክሪንሾቱ ተጨምቆ ቀለሙ ሲደበዝዝ ምን ያህል ልዩነት ትፈቅዳላችሁ?